ያልተሠራ በር መግዛት ይቻላል ወይ?

«ለአዲሱ ቤቴ የብረት በር አዝዤ ቀብድ ከፈልኩ። የመስጊዳችን ልጅ ‹ገና ያልተሠራ ዕቃ መግዛት አይቻልም› አለኝ። እውነት ነው እንዴ?» (ከኮዬ ፈጬ የደረሰኝ ጥያቄ)

ይቻላል። ግን ልጁ ዝም ብሎ ከኪሱ አላወጣውም፤ ከጀርባው ትልቅ ክርክር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «አንተ ዘንድ የሌለውን አትሽጥ» ብለዋል። በሩ ደግሞ ገና የለም፤ ብረቱም አልተቆረጠም። ቂያሱን፣ ማለትም ሕጉን ለሚመሳሰለው ነገር ሁሉ ማስኬዱን ብቻ ከያዝክ፣ ውሉ ውድቅ ነው። ሸሪዓው የፈቀደው አንድ መውጫ አለ፤ ሰለም ይባላል፣ ዋጋውን ዛሬ ከፍለህ ዕቃውን በኋላ መረከብ ነው። እሱ ግን በሐነፊዮቹም በሻፊዒዮቹም ዘንድ ዋጋው በሙሉ እዚያው ውሉ ላይ እንዲከፈል ይጠይቃል። የኛ ሰፈር የበር ሠሪ ደግሞ ግማሹን ወይም ሲሶውን ይቀበልና ቀሪውን በሩ ሲገጠም ይላል።

ሐነፊዮቹ እዚህ ጋ ቂያሱን ተዉት። ሰው ከጥንት ጀምሮ ጫማም ዕቃም ሲያሠራ ኖሯል፤ ማንም አልከለከለም፤ ስለዚህ ይፈቀዳል አሉ። ውሉን ኢስቲስናዕ አሉት፣ ቂያሱን የተዉበትን መንገድ ደግሞ ኢስቲሕሳን። ከራሳቸው መዝሀብ ዙፈር አልተስማማም፤ ቂያሱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ።

ኢማሙ ሻፊዒይ (እ.ኤ.አ. በ820 ያረፉት) ግን ኢስቲሕሳንን አጥብቀው ነቀፉ፤ ለብቻው ምዕራፍ ሁሉ ጽፈውበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሻፊዒይ ግትር ናቸው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። የሳቸው ጥያቄ ቀላል ነው፦ አንዱ ዐሊም «ይህ ይሻላል» ብሎ ከፈረደ፣ ሌላው ደግሞ «የለም፣ ያኛው ይሻላል» ካለ፣ በምን እንዳኛቸዋለን? ማስረጃ ከሌለ ሰው በስሜቱ ሕግ ማውጣቱ ነው። የኋለኞቹ ሐነፊዮችም ይህ ትችት ሳይቆጠቁጣቸው አልቀረም መሰለኝ፤ ኢስቲሕሳን የሐዲስ፣ የኢጅማዕ ማለትም የዐሊሞች ስምምነት፣ የግድ አስፈላጊነት ወይም የረቀቀ ቂያስ ማስረጃ ከኋላው ሊኖረው እንደሚገባ በዝርዝር ጻፉ። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ ከምናወራው በጣም ይጠባል።

በሻፊዒይ መዝሀብ መሄድ የፈለገ ሰውም በር አያጣም። ወይ ዓይነቱን፣ ስፋቱን፣ የላሜራውን ውፍረት ዘርዝሮ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ወይ ብረቱን ራሱ ገዝቶ ሠሪውን የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍለዋል።

የሚገርመው ኢስቲስናዕን የፈቀዱትም መጨረሻው ላይ ተለያዩ። በሩ ተሠርቶ መጣ እንበል፣ እንዳዘዝከው ነው፣ አንተ ግን አልወደድከውም። አቡ ሐኒፋ «አይተህ መተው ትችላለህ» ይላሉ። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን አይሆንም አለ፤ ሰውየው ላሜራውን በአንተ ልክ ቆርጦታል፣ ለሌላ ቤት አይገጥምም፣ ኪሳራው የማን ነው? ኦቶማኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕጋቸውን ሲያጠናቅሩ የአቡ ዩሱፍን ያዙ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

አሁን መስለሓን፣ የሕዝብ ጥቅም የሚባለውን፣ እንይ፤ ጉዳዩ እዚያው የብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ብረቱን አንተ ገዝተህ ሰጠኸው፣ ሌሊት ተሰረቀ። ቂያሱ እንደሚለው ሠሪው ባለአደራ ነው፤ ካላጠፋ አይከፍልም። ማሊኪዮች ግን ሠሪው ይክፈል አሉ፤ ሳይከፍል የሚቀር ከሆነ «ጠፋብኝ» ማለት ይቀለዋል፣ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሳይሰጥ መኖር አይችልም። የሕዝብ ጥቅም ማለት ይሄ ነው። ከኢማም ዐሊይም ተመሳሳይ ፍርድ ይወራል። የሚያስቀው የኢስቲሕሳን አባት የሚባሉት አቡ ሐኒፋ እዚህ ቂያሱን ይዘው ቀሩ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው ናቸው «እንደ ትልቅ ቃጠሎ ያለ ሊከላከሉት የማይቻል ነገር ካልሆነ ይከፍላል» ያሉት።

ዛሬ «መስለሓ ነው» እየተባለ የሚነገረውን ሁሉ ስሰማ ግን ወደ ሻፊዒዩ ገዛሊ እሄዳለሁ። እሳቸው መስለሓን ጭራሽ አልዘጉትም። ጽሑፍ ያልመጣበትን ጥቅም ብቻውን ለመያዝ ግን የግድ የሆነ፣ የተረጋገጠ፣ ሁሉን የሚመለከት ይሁን አሉ፤ ምሳሌያቸውም ጠላት ሙስሊም ምርኮኞችን ጋሻ አድርጎ ሲመጣ ነው። የአንድ ሰፈር ነጋዴ ትርፍ እዚያ መስፈርት ውስጥ አይገባም።

ወንድሜ፣ ቀብድህ አይጨንቅህ። ነገር ግን ልኩን፣ የላሜራውን ውፍረት፣ ቀለሙንና የሚያስረክብበትን ቀን በወረቀት አስፍርና ሁለታችሁም ፈርሙ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያዩት ጋብቻን፣ ውርስንና ወቅፍን የመሰለውን ነው፣ ያውም ሁለቱም ወገን ሲስማማ። የበር ክርክር የሚሄደው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ወረቀቱን ነው።