ሁሉም ላይ ስድስት ይደመር?

የመከራከሪያ ነጥብ፦ «ከማዋለጃ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በገለበጥነው ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይለወጥ፣ የድሮውም ይሰረዝ?»

ደጋፊ (የመረጃ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)

መዝገቡን ስንገለብጥ ጠዋት 2፡00ም ማታ 2፡00ም ያው 2፡00 ሆነው ነው የገቡት። ማን ቀድሞ እንደተወለደ አሃዙን አይቶ መለየት አይቻልም። የእኛ ሰዓት ከ24ቱ የሚለየው በስድስት ነው፤ ስድስት ይደመር። ሁለት ዓይነት ሰዓት ጎን ለጎን ከቆየ ደግሞ ነገ የሚያነበው ሰው የቱን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። የድሮው ይሰረዝ።

ተቃዋሚ (አዋላጅ ነርስ፣ ቡሬ)

ስድስት የተደመረበትን ሰንጠረዥ አይቼዋለሁ። አንዲት እናት የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ማታ 1፡30 ምጥ ጀመራት፤ ሌሊት 9፡10 ተገላገለች፤ ምጡ የቆየው 7፡40 ነው። ሰንጠረዡ ላይ 7፡30፣ 15፡10 እና 13፡40 ሆኖ ቁጭ ብሏል። 13፡40ን ያየ ሐኪም የተራዘመ ምጥ ነበር ይላል፤ አዋላጇ ለምን ሆስፒታል አልላከቻትም ይላል። በሰው ስም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም! 7፡40 የቆይታ ልክ ነው፤ ከየትኛው ሰዓት ተነስቶ ቢቆጠር ያው 7፡40 ነው፣ ምንም አይደመርበትም። ደግሞም መዝገቡ ላይ ማታ፣ ሌሊት እየተባለ ተጽፏል። ከተጻፈ ይበቃል።

ደጋፊ

«ከተጻፈ ይበቃል» አሉ፣ ሲስተር። አይበቃም። ቃሉን ብቻ ይዘን እንሞክረው። ጠዋትና ቀን የተባለው በመጀመሪያው፣ ማታና ሌሊት የተባለው በሁለተኛው ቀመር ይለወጥ፦

```
=MOD(B2,0.5)+0.25
=MOD(MOD(B2,0.5)+0.75,1)
```

0.5 ግማሽ ቀን ነው፤ 12ን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። በዚህ ማታ 1፡30 ወደ 19፡30፣ ሌሊት 9፡10 ወደ 03፡10 ይሄዳል፤ ጠዋት 12፡30ም 06፡30 ይሆናል። አሁን «ሌሊት 12፡10» የሚለውን ያስገቡ። 18፡10 ይወጣል! ጽፋ የወጣችው ነርስ ግን ንጋት ማለቷ ነው፣ 06፡10። «ቀን 12፡00» ደግሞ በመጀመሪያው ቀመር 06፡00 ይሆናል፤ ሰውየው ያለው ግን አመሻሹን፣ 18፡00ን ነው። ታዲያ መጻፉ የት በቃ? 12 ያለበት ረድፍ ሁሉ ለብቻው ተነጥሎ በሰው ዓይን መታየት አለበት። ልክ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያውን ከመጨረሻው ቀንሶ ከቆይታው ጋር ማስተያየት ነው።

ተቃዋሚ

ያ ማስተያያ አይታመንም። የተበላሸው ሰንጠረዥ ላይ ከ7፡30 እስከ 15፡10 ስንት ነው? 7፡40! ሁለቱም እኩል 12 ሰዓት ስለሳቱ ልዩነቱ ልክ ሆኖ ይወጣል፤ የሌሊቱ ምጥ በጠራራ ፀሐይ ሆኖ ያልፋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ቀኑ ነው። ያ ልጅ የተወለደው መቼ ነው? መዝገቡ ጥር 10 ይላል፤ ማታ ተረኛ የገባችው ነርስ እስክትወጣ የገባችበትን ቀን ነው የምትጽፈው። በእናንተ አቆጣጠር 03፡10 ከሆነ ጥር 11 ነው፣ ጥምቀት። እናቱም የምትለው ጥምቀት ለት ወለድኩት ነው። እናንተ ግን በቀመራችሁ 03፡10ን ከጥር 10 ጎን ልትጽፉት ነው፤ ልጁ ምጥ ከመጀመሩ በፊት ተወለደ ማለት ነው።

ደጋፊ

እሱማ በቀመር ይያዛል። የተወለደበት ሰዓት ምጥ ከጀመረበት ካነሰ ቀኑ ላይ አንድ ይደመራል።

ተቃዋሚ

አሁንም መደመር! ምጥ የጀመረበት ሰዓት ያልተሞላስ? እናትየው ልትወልድ ደርሳ የመጣች ስንት ረድፍ አለ። ደግሞ ነርስ ሁሉ አንድ ዓይነት አትጽፍም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ አዲሱን ቀን የምትጽፍም አለች። የሁለቱን የሚለየው የመዝገቡ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። «ጥር 10 ሌሊት 9፡10» ከጥር 10 ማታ ቀጥሎ ከተጻፈ የተረኛዋ ቀን ነው፤ አንድ ይደመርለታል። ከጥር 10 ጠዋት በፊት ከተጻፈ ግን ቀኑ ራሱ አዲሱ ነው፤ አይነካም። እናንተ ደግሞ ሰንጠረዡን በቀንና በሰዓት ደርድራችሁ ተራ ቁጥሩን አጠፋችሁት።

ደጋፊ

ወረቀቱ አለ፤ ተራ ቁጥሩ ተመልሶ ይገባል። ክርክሩ ግን ሰዓቱ ይለወጥ አይለወጥ የሚል ነበር፤ እርስዎ ወደ ቀን ወሰዱት።

ተቃዋሚ

ሌሊት የወለደችን ሴት ሰዓት ስትለውጥ ቀኑን ነክተሃል፣ ወንድሜ። ለውጥ፤ ግን በአዲስ ዓምድ። የነርሷ ጽሑፍ ከነተራ ቁጥሩ ጎኑ ይቀመጥ። ጠዋት ይሁን ማታ ያልተጻፈበት ረድፍም ባዶውን ይተው፤ ማንም በግምት አይሙላው።

ደጋፊ

ባዶ ረድፍ ሪፖርት ላይ አይቆጠርም፣ ሲስተር። ያችም እናት ያልወለደች ያህል ልትሆን ነው። ቢያንስ ቀኗ ይግባላት፣ ሰዓቷ ብቻ ይቅር።

ተቃዋሚ

የትኛው ቀኗ?