90 ሺህ ያሏት ሞተሬ 50 ሺህ ሆና ቀረች

አሁን ነው አሮጌ ሞተሬን በአዲስ ልለውጥ ከሄድኩበት የሞተር መሸጫ ሱቅ የወጣሁት። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።

ሻጩ ትናንት በስልክ ምን አለኝ? «አዲሷ 240 ሺህ ናት። ያንተን ቦክሰር በ90 ሺህ እንይዝልሃለን። ቅድመ ክፍያው 30 በመቶ ነው።» ደመርኩ፣ ቀነስኩ። 30 በመቶው 72 ሺህ ነው። ሞተሬ ብቻዋን ትሸፍነዋለች። ቀሪው 150 ሺህ በ12 ወር ሲካፈል በወር 12,500። እችለዋለሁ ብዬ የስም ማዛወሪያ ብር ብቻ ይዤ ሄድኩ። የቀን ሥራዬን ትቼ!

ስደርስ ማርሚታዋን በጣቱ ጠረገና ጥቀርሻውን አሳየኝ። ታንከሯ ላይ ያለችውን ጭረት በቁልፍ ጫር ጫር አደረጋት። ካቴናዋን ከቀየርኩ ሦስት ሳምንት አልሞላኝም፣ እሱን ግን ዞር ብሎም አላየ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ለቁራሌው ነው የምትሆነው። በ65 ሺህ ከሆነ እናውራ» አለኝ።

ለቁራሌው! አራት ዓመት የቤት ኪራይ የከፈልኩባት ሞተር! ኪራይ ስል ደግሞ አከራዬ በቀደም ጨምር ያሉኝ ትዝ አለኝና ባሰብኝ።

ዋጥ አድርጌ «እሺ፣ ቅድመ ክፍያው ከሷ ይያዝልኝ» አልኩት። «ቅድመ ክፍያ በካሽ ብቻ ነው። አሮጌዋ ከቀሪው ላይ ነው የምትቀነሰው። በልዋጭ ሲሆን ደግሞ ዋጋው 255 ሺህ ነው።» ካልኩሌተሩን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ወደኔ አዞረው። «ቅድመ ክፍያ 76,500። ቀሪ 113,500። አየህ፣ ቀሪህ ቀነሰልህ!»

ቀነሰልህ ይለኛል! እባካችሁ ቀሪውን ብቻ አትዩ። ከኪሳችሁ የሚወጣውን በሙሉ ደምሩት። 76,500 እና 113,500 አንድ ላይ 190 ሺህ ነው። ያለ ልዋጭ በ240 የሚሸጧት ከሆነ፣ የኔን የያዟት በ50 ሺህ ነው ማለት ነው። 65 ያሏትም ውሸት ነች፤ 15ቱን አዲሷ ላይ ጭነው መልሰው ወስደውታል። ደላላው ባለፈው ወር በ80 ሺህ ገዢ አምጥቶልኝ እምቢ ማለቴ አንገበገበኝ።

የሊብሬው ነገርማ! የአዲሷ ቀሪው ተከፍሎ እስኪያልቅ እነሱ ጋ ይቀመጣል። ይሁን፣ ያበደሩት እነሱ ናቸው። የአሮጌዋን ግን ዛሬውኑ ውክልና ስጠን አሉኝ። ስሙን መቼ ታዞሩታላችሁ ስላቸው መልስ የለም። ነገ አንዱ ይዟት ወጥቶ ሰው ቢገጭ የሚፈለገው ማን ነው? ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው፣ እኔ!

«በስልክ ያልከኝን ወረቀት ላይ ጻፍልኝና ልፈርም» አልኩት። «አንተ ልትገዛ አልመጣህም» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ቦክሰሬ በራፉ ላይ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች። ደላላውን ደወልኩለት፤ ያ ገዢ ሌላ ገዝቷል። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዕቃ አደርሳለሁ። የኋላ ጎማዬ ልጦ አልቋል።