«ትርታው አለ» ብሎ ነገር!

«እግሩ የተሰበረ ሰው ማመሙ አይቀርም። ሰዉ ትንሽ መታገስ ይልመድ። የእግሩ ትርታ እስካለ ድረስ ችግር የለም።» (ሰሞኑን በሬዲዮ የተናገሩ አንድ የጤና ኃላፊ)

አዳማ ውስጥ አጥንት ክፍል በነርስነት ዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን ስሰማ ሬዲዮኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻችን በ4 ክፍል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። እያንዳንዱን ክፍል የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎታል። አጥንት ሲሰበር ወይም እግር በከባድ ነገር ሲጨፈለቅ ውስጡ ይደማል፤ ጡንቻውም ያብጣል። እብጠቱ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ኮምፓርትመንት ሲንድረም የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ትርታው ልመለስ። የደም ግፊቱ 120 በ80 የሆነ ወጣት እንውሰድ። ጡንቻውን የሚመግቡት ደም ስሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ የሚገፋቸውም ኃይል ትንሽ ነው። በጡንቻው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት 50 ሲደርስ፣ ማለትም ከታችኛው ቁጥር በ30 ብቻ ሲያንስ፣ ጡንቻው ደም ማጣት ጀምሯል። ትልቁ ደም ስር ግን በ120 ስለሚገፋ ምንም አልመሰለውም። ቁርጭምጭሚት ላይ ድው ድው ማለቱን ይቀጥላል። የውሃ ወረፋ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። አስፋልቱ ስር ያለው ዋና መስመር ውሃ ሞልቶታል፤ የእርስዎ ቧንቧ ግን ጠብ አይልም። ዋናው መስመር ውሃ አለው ብሎ ማጽናኛ ጀሪካን ይሞላል? ትርታው እስኪጠፋ የጠበቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የሞተ ጡንቻ ነው።

የአክስቴን ልጅ ልጥቀስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ባጃጅ ተገልብጦ ቅልጥሙ ላይ ወደቀበት። ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ዙሪያውን በጀሶ ታሽጎ ተኛ። እስከ 4 ሰዓት ደህና ነበር። ከዚያ ሕመሙ ዞሮ መጣ። መርፌ ተወጋ፤ አልቀነሰም። ሁለተኛ ተወጋ፤ ባሰበት። «ታገስ እንጂ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?» ተባለ። አክስቴ የእግሩን ጣት ቀና ልታደርግለት ስትሞክር ክፍሉን በጩኸት ሞላው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለው ቆዳ ደነዘዘ። ተረኛው መጥቶ ጀሶው ጫፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ትርታው አለ» ብሎ ሄደ። ጀሶው የተከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ባቱ እንጨት ሆኖ ነበር።

ለእኔ የተደወለው ያኔ ነው። ቁጠሩት፤ አደጋው ከደረሰ 13 ሰዓት ሆኖታል። ሕመሙ ከተመለሰ ደግሞ 10 ሰዓት። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ወደማይመለስበት እየሄደ ነው።

ስብራት ሁሉ እንዲህ ይሆናል አላልኩም። አብዛኛው አይሆንም። ግን የተራ ስብራት ሕመም እግሩ ሲታሰርና መድኃኒት ሲሰጥ ይረግባል። ይሄኛው ይብሳል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፤ ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። በሽተኛው ሲጮህ ጣቱን ቀስ አድርጎ ማጠፍና ማቃናት፣ ባቱን መዳሰስ፣ መደንዘዙን መጠየቅ በቂ ነው። ጩኸቱን «ትዕግስት ማጣት» ያለ ሰው ግን ዋናውን ምልክት ጥሎታል።

ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ እግር አስቆረጠ ሲባል ሁላችንም እንጮሃለን። ልክ ነው፤ ያስቆርጣል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ያሰረው ጀሶ ሲሆንስ ለምን ዝም እንላለን? ጀሶም ያንቃል።

ሌሊት አስታማሚ የሆናችሁ፣ መድኃኒት የማይመልሰው ሕመም ካያችሁ ሐኪም አስጠሩ። ጀሶው ከነጥጡና ከነፋሻው እስከ ቆዳው ድረስ ይከፈት በሉ። አትሹት፣ በረዶ አታድርጉበት። በትራስ ከፍ አድርጋችሁም አትስቀሉት፤ ከፍ ማለቱ ያችኑ የምትደርሰውን ደም ይቀንሳል። እግሩ ከልብ እኩል ይተኛ። እግሩ የተጨፈለቀ ሰው ሽንቱ ኮካ ከመሰለም ተናገሩ፤ የሞተ ጡንቻ ኩላሊት ላይ እየደረሰ ነው። ጀሶው ተከፍቶ ሕመሙ ቶሎ ካልለቀቀ ወደ ኦፕራሲዮን ነው። ሽፋኑ በረጅሙ ይቀደዳል፤ ቁስሉም ለቀናት ክፍት ይቆያል። ያስፈራል፣ ግን እግር የሚያተርፈው እሱ ነው። ሆስፒታሉ የሚሠራው ከሌለው በዚያው ሌሊት ሪፈር ይጻፍ፤ ጠዋት አይሁን።

የአክስቴ ልጅ ተቀዶለታል፤ የፊተኛው ክፍል ጡንቻ ግን ሞቶ ተቆርጦ ወጣ። ዛሬ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ቀና ማድረግ አይችልም። ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ እየወለቀ ስለሚያስቸግረው በላስቲክ ያስረዋል።