ፍየሏና የ4 ወሩ ፕሮግራም

የሕግ ተማሪ የመውጫ ፈተናው 4 ወር ሲቀረው መጀመሪያ የሚይዘው ሕጉን ሳይሆን ማስመሪያውን ነው። እኔም ደሴ እናቴ ቤት ገብቼ 16ቱን ሳምንት በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ሸነሸንኳቸው፤ 8 ሳምንት ንባብ፣ 4 ሳምንት ሾርት ኖት፣ 4 ሳምንት ሞዴል ፈተና። ግድግዳው ላይ ስለጥፈው እናቴ አየት አድርጋ፣ "ማሻአላህ! ቡናው የቱ ጋ ነው ታዲያ?" አለች።

አልቀለደችም። ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ተጫውቶና ተመራርቆ እስኪነሳ ከ9 እስከ 11 ሰዓት የተመደበው የውል ሕግ ከዕጣኑ ጋር ጨሶ ያልቃል። "አብሽር፣ ትደርሳለህ" ይሉኛል። እኔም አብሽሬ እቀመጣለሁ።

ሐቁን ካወራን ግን ጉዱ ያለው ቡናው ላይ አልነበረም። ሾርት ኖት የምለው መጽሐፉን ገልጦ መገልበጥ ነበር። ስለ ከውል ውጭ ኃላፊነት ካነበብኩት 60 ገጽ 40 ገጽ "አጭር" ማስታወሻ ወጣኝ። ሲያዩት ያምራል፤ መጽሐፉን ከድኜ አንድ ጥያቄ ብጠየቅ ግን የማስታውሰው የቀለሙን ዓይነት ነው። ሞዴል ፈተናውንማ "መጀመሪያ ልጨርስና" እያልኩ አላየሁትም።

በ10ኛው ሳምንት ማስታወሻዬ ላይ ቡና ፈሰሰበትና በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። የጎረቤታችን ፍየል ገመዷን በጥሳ መጥታ ከ12ኛው ገጽ ጀምሮ በላችው።

"እትዬ፣ ፍየልዎ ሕግ በላች!"

"አስሬያት ነበር ልጄ፤ በጠሰችው፣ ምን ላድርግ?"

ጭብጡ ይሄው ነው፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ ባለቤቱ ይጠየቃል ወይ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ይጠየቃል ይላል፤ ያመለጠው በድንገት ቢሆንም። እትዬ ጥፋት የለባቸውም፤ ግን ኃላፊነቱ ያለ ጥፋትም የሚመጣ ነው። ጥፋት ስለሌለባቸው ደግሞ የቤት እንስሳቸውን ለተጎጂው ለቀው ከኃላፊነቱ መውጣት ይችላሉ። ይህን ሁሉ ቆሜ አስረዳኋቸው፤ መጽሐፍ አልገለጥኩም።

"ወረቀቱን መሬት ላይ ያሰጣው ማነው?" አለች እናቴ ከረከቦቱ ጀርባ።

የተጎጂው ጥፋት! እሱም ካሳ ያስቀንሳል፤ ረስቼው ነበር።

ሰዓቴን ሳይ 25 ደቂቃ ሆኖኛል። በ10 ሳምንት ውስጥ የመለስኩት የመጀመሪያው የሞዴል ፈተና ጥያቄ ይሄ ነው፤ የቱ እንደጎደለኝም የነገረኝ እሱ ነው። ማታ ፕሮግራሙን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ ሁለት ቀን ንባብ፣ በሦስተኛው መጽሐፉን ከድኖ ከ4 ገጽ የማይበልጥ ሾርት ኖት፣ በአራተኛው በሰዓት የተያዘ ጥያቄ። ከ9 እስከ 11 ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ በ9 ሰዓት እትዬ ፍየሏን እየጎተቱ መጡ። "እንካ፣ እንደ ሕግህ። ቀለቧ ግን በአንተ ነው።"

እናቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዲሱን ፕሮግራም አየችና ወንበር አቁማ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው።