ሞተሩ ይነሳ ወይስ አይነሳ?

ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ያጣነው ቧንቧ ተሰብሮ አይደለም። መብራት ጠፍቶም አይደለም። በማስታወቂያ ነው። አዎ፣ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ፣ በተራ ቁጥር 5።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እዚህ የከተማው ጫፍ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። በፈረቃችን ቀንም ቢሆን የሚመጣው ሲመሽ ነው። ታች ያለው ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና በሞተር ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። ሞተሩን የሚያስነሱት ዘበኛችን ናቸው። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። አባባ የተጻፈ ነገር ያከብራሉ። ጉዱ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ተሰብስቦ ደረጃው ሥር ይህን ለጠፈ፦

«ለብሎካችን ነዋሪዎች በሙሉ። የሚከተሉት በጥብቅ የተከለከሉ ናቸው፦
1. ቆሻሻ በመስኮት መጣል።
2. ደረጃ ላይ ልብስ አታስጣ።
3. የጥበቃ ክፍያ ወር በገባ እስከ 5 ድረስ።
4. በግ የታረደበትን ቦታ አለማጠብ።
5. የውሃ ሞተር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ።
6. ነዋሪዎች የኮሪደር መብራት ያጥፉ።
7. በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ጎረቤት ያስቸግራል።»

እስቲ ረጋ ብላችሁ ድገሙት። የተከለከለው ምንድን ነው? የጥበቃ ክፍያ። ሌላስ? መብራት ማጥፋት።

እኔ የምተዳደረው ሰነድ በማረም ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሪፖርት ሳቃና ውዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ሁለት ቦታ ወርጄ ተሳፍሬ ቤቴ ስደርስ ደግሞ ይኸው ይጠብቀኛል። የመጀመሪያ ቀን ስቄ አለፍኩ። የሳቄን ዋጋ በጀሪካን ከፈልኩ።

አባባ ተራ ቁጥር 5ን እንደ ማንኛውም ጤነኛ አንባቢ ነው ያነበቡት። ላይኛው መስመር «የተከለከሉ» ይላል። ታች «የውሃ ሞተር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ» ይላል። ስለዚህ ከ3 ሰዓት በኋላ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው። ከ3 ሰዓት በፊት ደግሞ ታንከሩ ባዶ ነው። ሰውዬው ምን ያድርጉ? አላስነሱም። ሮቶው ደረቀ። ሦስተኛው ቀን ላይ የታችኛው ፎቅ ሰው ከግቢው ቧንቧ በባልዲ ሲቀዳ፣ እኛ አራተኞቹ በጋሪ የመጣ ውሃ ገዝተን በደረጃ ተሸክመን ወጣን።

ሰብሳቢውን ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ሞተሩን ለምን ከለከላችሁ?» ስላቸው ደነገጡ። «ማን ከለከለ? ከ3 ሰዓት በኋላ ይነሳ ነው ያልነው! ቀደም ብሎ ሲነሳ ታንከሩ ባዶ ስለሆነ ሞተሩ በደረቁ እየዞረ ይቃጠላል።»

አያችሁ? ሕጉ የተጻፈው ልክ በተገላቢጦሹ ነው። የጎደለችው አንዲት ግሥ ናት።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዝርዝር እንዴት ይወለዳል? ጸሐፊዋ ነገረችኝ። አምስት የኮሚቴ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ እያንዳንዱ ያንገበገበውን ተናገረ፤ እሷም ከአፋቸው እንደወጣ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ስታዩት ድምፃቸው ይሰማችኋል። «መጣል» ያለው ደንብ የለመደው ጡረተኛ ነው። «አታስጣ» ያለው ልጁን ሲቆጣ የኖረ አባት ነው። «እስከ 5 ድረስ» ያለችው ገንዘብ ያዧ ናት፤ ለእሷ ክፍያ መሆኑ በቂ ነው፣ ግሥ አያስፈልጋትም። «ያስቸግራል» ያሉት እትዬ ደግሞ እየከለከሉ ሳይሆን እያማረሩ ነበር። በስብሰባው ላይ ሁሉም ተግባብቷል፤ ምክንያቱም የሰውዬው ፊት ይታያል፣ እጁ ይወናጨፋል። ወረቀቱ ላይ ፊትም እጅም የለም። ያለው የቃሉ ቅርጽ ብቻ ነው።

እና ቅርጹ ሲዘበራረቅ አንባቢ ይደናበራል። ጥፋቱ የሰነፍ አንባቢ አይደለም። ዝርዝር ሲነበብ ዓይን ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ልክ ይወስድና የቀሩትን በዚያው ልክ ይጠብቃል። «መጣል» ካልክ ቀጥሎ «ማስጣት»፣ ከዚያ «ማቀጣጠል» ይጠብቃል። መሃል ላይ «አታስጣ» ስትለው ይቆማል። «ይህ ትእዛዝ ነው? ለማን? ለእኔ?» የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ልብሳቸውን ደረጃ ላይ እያሰጡ «አታስጣ ነው የሚለው፣ አታስጪ አይልም፤ ወንዶቹን ነው» ብለው አሳቁን። ቀልድ ነው፤ ግን እውነታቸውን ነው። አማርኛ በትእዛዝ ሲናገር ጾታና ቁጥር ሳይመርጥ አያልፍም።

ከዚህ የባሰው «ያጥፉ» ነው። «ያጥፉ» እርስዎን በአክብሮት ማዘዝም ነው፤ «እነሱ ያጥፉ» ማለትም ነው። ቅርጹ አንድ ነው። «ነዋሪዎች» የሚል ቃል ስለቀደመ እዚህ ገባን እንጂ፣ ብቻውን ቢሆን ለአባባ የተጻፈ ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አሉን። አውቃቸዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ተራ ቁጥር 4 ደግሞ የራሷ ተንኮል አላት። «የተከለከሉ፦ አለማጠብ።» ስሌቱን ብትሠሩት ትክክል ነው፤ አለማጠብ ክልክል ከሆነ ማጠብ ግዴታ ነው። ግን ለፋሲካ በግ አርዶ እጁ በደም የተነከረ ሰው ቆሞ ስሌት እንዲሠራ መጠበቅ ግፍ ነው። ክልከላ በሚል ርዕስ ሥር እንደ «አለማጠብ» በ«አለ» የሚጀምር ቃል ባየሁ ቁጥር ያ ነጥብ ቦታውን ስቶ የመጣ ግዴታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ነው።

ሥራ ቦታ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው አይደል? ዝርዝር ስንጽፍ ግን ማሰሪያውን ላይ ሰቅለነው ነጥቦቹን ታች እንደረድራለን። ስለዚህ ማሰሪያውን መልሶ ወደ ቦታው ማውረድ ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ «የተከለከለ ነው» የሚለውን ገጥማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ቆሻሻ በመስኮት መጣል የተከለከለ ነው።» ሄደ። «ደረጃ ላይ ልብስ አታስጣ የተከለከለ ነው።» ምላስ ይይዛል። «የኮሪደር መብራት ያጥፉ የተከለከለ ነው።» ጆሮ ራሱ ይቃወማል። የሰዋስው መጽሐፍ አያስፈልግም።

የዚያን ምሽት ከጸሐፊዋ ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። መጀመሪያ ያደረግነው ለሁለት መክፈል ነው፤ ክልከላና ግዴታ በአንድ ማሰሪያ አይታሰሩም። ከዚያ ሁሉንም ነጥብ በ«መ» ወይም በ«ማ» በሚጀምር ቃል፣ ማለትም በመጣል፣ በማጠብ፣ በመክፈል ዘጋነው። ይህን የመረጥኩት ጾታ ስለሌለው፣ አንተና አንቺ ስለማይል ነው። «እባክዎ» ብሎ ጀምሮ ሁሉንም በ«ያጥፉ፣ ይክፈሉ፣ አይጣሉ» መጨረስም ይቻል ነበር። ያም ያምራል። የማያምረው ሁለቱን መቀላቀል ነው።

ተራ ቁጥር 5 ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። እሷ «በቃ ማስነሳት ብለህ ጨምርበት» አለችኝ። ብጨምር ምን ይሆን ነበር? «የተከለከለ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የውሃ ሞተር ማስነሳት።» ከሌሎቹ ጋር ልክክ ይላል፤ እና ውሸት ነው። ሰብሳቢውን ቀድሜ ባልጠይቅ ኖሮ እኔው ራሴ፣ አራሚው፣ ስህተቱን አሳምሬ እለጥፈው ነበር። የተስተካከለ ቅርጽ የጎደለው ቃል የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ቃሉን አይነግርህም። ቃሉ ያለው ሰውዬው ጋ ነው።

ክልከላው ሥር እንዲቆይ ከተፈለገ «በኋላ» የሚለው ወደ «በፊት» መገልበጥ ነበረበት። እንዲህ ሆነ፦

«የሚከተሉትን ማድረግ የተከለከለ ነው፦
• ቆሻሻ በመስኮት መጣል
• ደረጃ ላይ ልብስ ማስጣት
• በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል
• ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የውሃ ሞተር ማስነሳት

እያንዳንዱ ነዋሪ የሚከተሉትን የማድረግ ግዴታ አለበት፦
• የጥበቃ ክፍያ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን መክፈል
• በግ ያረደበትን ቦታ ማጠብ
• ከቤት ሲወጣ የኮሪደር መብራት ማጥፋት»

ሞተሩ መነሳት እንዳለበት ግን ይህም አይናገርም፤ ከመቼ በፊት እንደማይነሳ ብቻ ነው። እሱን ለአባባ ለብቻቸው በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፈን ሰጠናቸው። «በፈረቃ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ታንከሩ መሙላቱን አይተው ሞተሩን ያስነሱ።» ሁሉ ነገር በነጥብ አይጻፍም።

በዚህ ተበረታተው የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ አመጡልኝ። ርዕሶቹን ብቻ ልንገራችሁ፦ «ስለ ጽዳት»፣ «ጥበቃ»፣ «ክፍያ እንዴት ይፈጸማል?»፣ «መኪና የትም ማቆም ክልክል ነው»። አንዱ ይነግርሃል፣ አንዱ ይጠይቅሃል፣ አንዱ ይቆጣሃል። ርዕስ ደግሞ ሰው የሚያነበው ገጽ እያገላበጠ የሚፈልገውን ለመያዝ ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15፣ 16 እና 17 ተመልከቱ፦ «የሕይወት መብት»፣ «የአካል ደህንነት መብት»፣ «የነፃነት መብት»። የመጨረሻው ቃል አንድ ስለሆነ ዓይን የሚለየው የፊቱን ብቻ ነው። እኛም አራቱንም በ«ስለ» ጀመርናቸው፦ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ። ንዑስ ርዕሶቹ ሌላ ቅርጽ ቢይዙ ግድ የለም። እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ እንጂ ከአለቃቸው ጋር መመሳሰል የለባቸውም።

አዲሱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዚያኑ ሌሊት ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ በደስታ ልፈነዳ ነበር። ሻወር ወሰድኩ፣ በእውነተኛ ውሃ፣ ከላይ በሚወርድ!

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ማስታወቂያው ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጨምሮበታል። ከክልከላው ሥር፣ ከግዴታው በላይ፣ መሃል ባለችው ባዶ ቦታ ላይ፣ በደማቁ፦

«• ውሻ»