የ3200 ከፍለን የ2133 ተሸከምን

«ባዮስ ገብቶ የራም ፍጥነት የነካካ ደንበኛ ዋስትናው ይቋረጣል። ራሙ በስንት መሥራት እንዳለበት ራሱ ያውቃል፤ አትልፉ።» (መሃል አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ፣ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ከላይ የሰካው ማሳሰቢያ)

«አትልፉ» የምትለዋ ናት ያበሸቀችኝ። ዋስትናውን ተዉት፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ። ነጋዴ ዕቃውን ሳያውቀው መሸጡ አንድ ነገር ነው። አለማወቁን ምክር አድርጎ መስጠቱ ግን ሌላ ነው።

ራሙ ራሱ ምንም አያውቅም። ራሙ ላይ ኤስፒዲ የምትባል ሚጢጢ ቺፕ አለች፤ ውስጧ ሰንጠረዥ ተጽፏል። ሰንጠረዡ ላይ በመጀመሪያ የሚገኘው፣ ጄዴክ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ያወጣው ልከኛ ፍጥነት ነው። የትኛውም ማዘርቦርድ ላይ ያለ ጣጣ እንዲነሣ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ከዚያ ደግሞ አምራቹ ራሱ ሞክሮ፣ ማሸጊያው ላይ በትልቁ ያተመው ፍጥነት አለ፤ ከነታይሚንጉ፣ ከነቮልቴጁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ልከኛውን አንብቦ ይቀጥላል። ሁለተኛውን ሰው ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ካልመረጠለት አይነካውም። ኢንቴል ይህን ሁለተኛ ሰንጠረዥ XMP የሚባል ፕሮፋይል አድርጎ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ ፈሊጥ ነው እንዳትሉኝ።

የእህቴ ልጅ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የሚኖረው፤ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። እንደ ማንኛውም ተማሪ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛበት ብር ስላልነበረው፣ ግራፊክሱ አብሮት ያለ ራይዘን 5600ጂ ገዛ። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም ጨመረበት፤ እያንዳንዱ ላይ 3200 ተጽፏል። ቤት ሄጄ Task Manager ከፈትኩ፣ Performance፣ ከዚያ Memory። Speed የሚለው ቦታ ላይ ምን አለ? 2133።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ሰዎች ኖርማል ነው ብለውኛል» አለኝ።

ኖርማል! እስቲ መርካቶ ሂዱና አንድ ኪሎ በርበሬ ግዙ። ቤት ወስዳችሁ ስትመዝኑት 667 ግራም ሆኖ ይገኛል። ተመልሳችሁ ስትጠይቁ ባለሱቁ «በርበሬው ክብደቱን ራሱ ያውቃል፤ አትልፉ» ይላችኋል። ዝም ትላላችሁ? 2133 ለ3200 ሲካፈል ልክ ሁለት ሦስተኛ ነው። አንድ ራም በ3200 ሲሠራ በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ በ2133 ግን ወደ 17 ይወርዳል። የቀረው የት ሄደ? የትም። ኤስፒዲዋ ውስጥ፣ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ላይ ተኝቷል። ብሩ ግን አልተኛም፤ ልጁ ሱቁ ውስጥ ቆጥሮ ሰጥቷል። 2133 እና 3200 ዋጋቸው አንድ ቢሆን ኖሮ እኔም ጭጭ ባልኩ ነበር። በርበሬውስ ቢያንስ ተመልሶ ይመዘናል። ይሄኛውን ሚዛን ላይ ለማውጣት የሞከረ ሰው «ዋስትናህ ተቋረጠ» ይባላል። ሚዛን የነካ ደንበኛ የሚቀጣበት ገበያ የት አይታችኋል?

ዎርድ ለሚጽፍና ፌስቡክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ በዓይን አይታይም። እሺ። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ለሆነ ኮምፒውተር ግን ወሳኝ ነው። እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፤ ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ነው። የራሙ መንገድ ሲጠብ ግራፊክሱ ወረፋ ይቆማል። የእህቴ ልጅ ጌም ላይ በሰከንድ ወደ 40 ፍሬም ያገኝ ነበር። ፕሮፋይሉን ስናበራው 50 ገባ። አንድ ብር አልጨመርንም።

አሁን ወደ ዋስትናው። «ፕሮሰሰሩን ከአቅሙ በላይ ማሠራት ነው» ይላሉ። ኢንቴልም ኤኤምዲም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሠራትን ዋስትና እንደማይሸፍነው ይጽፋሉ፤ እውነት ነው። ግን 5600ጂ ላይ ኤኤምዲ ራሱ የፈቀደው የራም ፍጥነት ስንት ነው? 3200። ከአቅም በላይ የሆነው ታዲያ የቱ ነው? ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ይወጣል፤ እሱንም የጻፈው የራሙ አምራች እንጂ የእህቴ ልጅ አይደለም።

ከዚህ ሲያልፍ «ፕሮሰሰር ያቃጥላል» የምትል ወሬ ትከተላለች። መነሻዋን አውቃታለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የተወሰኑ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ተቃጥለዋል። EXPO የሚባለው የዲዲአር5 ፕሮፋይል ሲበራ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰሩ የሚሰጡትን ሶክ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉት ነበር። ኤኤምዲ በአዲስ ባዮስ 1.3 ቮልት ላይ ገደበው። እንዲህ ያለ አዲስ ማሽን ያለው ሰው ፕሮፋይሉን ከመንካቱ በፊት ባዮሱን ያድስ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ያለ ዩፒኤስ እንዳያድስ፤ እድሳቱ መሃል መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል። የዲዲአር4 ማሽንን በዚህ ወሬ ማስፈራራት ግን የጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ የራስን ምድጃ ማፍረስ ነው።

ፕሮፋይሉን ማብራቱ ራሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ Delete ደጋግሞ መጫን ነው፤ አንዳንዱ F2 ይፈልጋል። ብዙ ማዘርቦርድ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገኛል፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። አንዱ XMP ይለዋል፣ ሌላው A-XMP፣ ሌላው DOCP። Profile 1 ይመረጣል፣ F10 ተጭኖ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ሲገባ ፓወርሼል ላይ ይህን መጻፍ ነው፦

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory |
  Select-Object PartNumber, ConfiguredClockSpeed
```

ConfiguredClockSpeed ሥር 3200 ካለ ገብቷል። CPU-Z በሚባለው ፕሮግራም የሚያዩ ሰዎች 1600 ሲመጣባቸው አይደንግጡ። እሱ የሚያሳየው ግማሹን ነው፤ በሁለት ማባዛት ነው።

ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ቢቀርስ? ዲዲአር5 ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ራሙን እየለካ ነው። ብዙ ማዘርቦርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ እምቢ ሲለው ራሱ ወደ ልከኛው ፍጥነት ይመለሳል። ካልተመለሰ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ነው። ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ባትሪዋ ሞታ፣ ሶኬት በተነቀለ ቁጥር ፕሮፋይሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ጥንት ከተመለሰ ችግሩ እሷ ናት።

እዚህ ጋ ግን ሱቁ መጻፍ የነበረበትና ያልጻፈው ነገር አለ። ዊንዶውስ ገባ ማለት ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስህተት የሚሠራ ራም ወዲያው አይጮህም። ለሳምንት ጸጥ ብሎ ይሠራና አንድ ቀን ሰማያዊ ስክሪን ላይ MEMORY_MANAGEMENT ይላችኋል። የባሰው ደግሞ ዝም ብሎ ፋይል ማበላሸቱ ነው። ያስቀመጣችሁት ዚፕ አልከፈት ይላል፤ የሦስት ሳምንት ፕሮጀክት «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ማንም ራሙን አይጠረጥርም፤ ቫይረስ ነው ይባላል።

ስለዚህ ፕሮፋይሉ በበራበት ሌሊት MemTest86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነን፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሣነው። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይሞክራል፤ 16 ጊጋ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሌሊት ሁለተኛው ዙር ላይ መብራት ሄደ። ጉዳት የለውም፣ ከዜሮ መጀመር ብቻ ነው። በማግስቱ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ቀይ ነገር መጣ።»

ሦስት ስህተት። «ሦስት ብቻ ነው» አለኝ። ራም ላይ «ብቻ» የለም፤ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። አጥፍተህ ተኛ አልኩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀይ ሲያይ ወይ ራሙን ይጥላል፣ ወይ «አላልኳችሁም?» ይላል። እኛ ፕሮፋይሉን አጠፋንና በ2133 እንደገና ሞከርን፤ ዜሮ። እዚያም ስህተት ቢመጣ ኖሮ ራሙ በቁሙ የሞተ ነው፤ ይዞ ወደ ሱቅ ነው። ቀጥለን ራሞቹን አንድ በአንድ፣ እዚያው ስሎት ላይ፣ በ3200 ሞከርን፤ ሁለቱም ዜሮ። ለየብቻ ጤነኛ፣ አብረው ሲሆኑ ጠበኛ። CPU-Z ከፍተን SPD የሚለው ትር ላይ DRAM Manuf. የሚለውን አየን። ውጪያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ነው። ሱቁ ሁለት ነጠላ ራም ከመደርደሪያ አንስቶ እንደ ጥንድ ሸጦለታል። አምራቹ አብረው እንዲሠሩ የሞከራቸው ጥንዶች በአንድ ማሸጊያ ነው የሚመጡት።

ፕሮፋይሉን አብርተን፣ ታይሚንጉንና 1.35 ቮልቱን ሳንነካ፣ ፍጥነቱን ብቻ ወደ 2933 አወረድነው። አራት ዙር፣ ዜሮ ስህተት። MemTest86 ግራፊክሱን ስለማያሠራው፣ ዊንዶውስ ውስጥ የ OCCT የሚሞሪ ሙከራ አንድ ሰዓት ጨመርን። ከዚያ ልጁ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር ለቀቀበት። አለቀ፣ ፋይሉም ተከፈተ።

ቅዳሜ ዕለት የቀዩን ስክሪን ፎቶ ይዘን ሱቁ ሄድን። ራሙ ጥንድ አይደለም፣ ቀይሩልን አልን። ሻጩ ስልኩን ገፋ አድርጎ ፎቶውን አየና፣ «ባዮስ ነክታችኋል ማለት ነው?» አለን።

ኮምፒውተሩ ዛሬም በ2933 እየሠራ ነው። ማሳሰቢያውም ቻናሉ ላይ እንደተሰካ ነው።