መጋዘኑን ሳይሆን ቁልሉን ጨርስ

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ገብቼ 10 ቁልል ቡና እንድቆጥር፣ ከየቁልሉ ሦስት ሦስት ኬሻ እንድመዝን፣ ከመዝገብ ጋር አስታርቄ ማታ 11 ሰዓት ላይ እንዳስረክብ ታዝዣለሁ። አንድ ባልደረባና ሁለት ጫኝና አውራጅ አሉኝ። ከየት ልጀምር?»

ይህን የላከልኝ እዚሁ ጅማ ቡና መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። እኔም በዚያ ሥራ ላይ ዓመታት ስለቆየሁ ጥያቄው ልቤን ነካው። ለብቻው ከመመለስ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ፣ ቡናው መግባት ሲጀምር ብዙ ሰው የሚገጥመው ነገር ነውና።

መጀመሪያ የማታደርገውን ልንገርህ። ሁሉንም ቆጥረህ ስትጨርስ ሁሉንም አትመዝን፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ላይ ሁሉንም አታስታርቅ። ሥራው በትእዛዙ ላይ በሦስት ግስ ስለተጻፈ ሦስት ሥራ ይመስላል። አይደለም። አሥር ሥራ ነው፣ በየቁልሉ አንድ። አንዱን ቁልል ቆጥረህ፣ መዝነህ፣ የቁልሉ ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ቢን ካርድና ከመዝገቡ ጋር አስታርቀህ፣ ፈርመህ ከዘጋኸው በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የምትሄደው።

ለምን እንደሆነ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ዓመት፣ የትኛው መጋዘን እንደሆነ ይቅርና፣ ቆጠራውን ቀኑን ሙሉ ሠርተን ማታ ስንደምር ከመዝገቡ 36 ኬሻ ጎደለ። የት እንደጎደለ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ቁልል ተጠረጠረ፣ ሰውም ተጠረጠረ፣ ያ ነው እስከዛሬ የሚያመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደገና ቆጠርን። መጨረሻ ላይ ቡናው አንድም አልጎደለም፤ የአንዱ ቁልል ቢን ካርድ 148 ይላል፣ ወደ መዝገቡ ሲገለበጥ 184 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ ነው ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን። ቁልል በቁልል ዘግተን ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ጠዋት ላይ፣ እዚያው ቁልል ፊት ቆመን እያለን፣ በአሥር ደቂቃ ይገኝ ነበር። በአንድ ንጣፍ 20 ኬሻ ስለነበረ፣ 184 ለመሆን ያ ቁልል ዘጠኝ ንጣፍ ሞልቶ አራት ኬሻ ይተርፈው ነበር፣ እንደዚያ ከፍ ያለ ቁልል ደግሞ በዚያ መጋዘን አልነበረም። ዓይን ይፈርድ ነበር። (ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ መጀመሪያ የተገለበጠ አሃዝ ፈልግ። አሃዝ ሲገለበጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል።)

አሁን ወደ አንዱ ቁልል እንግባ። ኬሻ ሲደረደር እንዳይናድ በአምስት በአምስት ይያያዛል፣ ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ ሁለቱ በአግድም፣ የላይኛው ንጣፍ ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ ከጎን ቆመህ የምታየው አንዳንዴ የኬሻ አፍ፣ አንዳንዴ የኬሻ ጎን ነው። የፊቱን ቆጥሮ በጎኑ ማባዛት ያሳስትሃል። መሰላል አምጣና የአንዱን ንጣፍ ብዛት ከላይ ቁጠር። አራት ጊዜ አምስት ከሆነ 20 ነው። ሰባት ሙሉ ንጣፍ ካለና ከላይ 8 ኬሻ ከተረፈ፣ ሰባት ጊዜ 20 ሲደመር 8፣ 148።

ሁለታችሁ ለየብቻ ቁጠሩ፣ አንዱ ሌላው ያገኘውን ሳይሰማ። ቁጥሩን በየወረቀታችሁ ጻፉና ከዚያ አስተያዩ። ገጠመ? ጥሩ። አልገጠመም? ያንን ቁልል ብቻ ድገሙ። ልዩነቱ ልክ 20 ከሆነ አንዳችሁ ንጣፍ ዘላችኋል ወይም ደግማችኋል፣ ሩቅ አትሂዱ። ይህ ቆጠራ የማይይዘው ነገር ግን አለ፦ መሀሉ ባዶ የሆነ ቁልል። ዙሪያውን ሞልቶ ውስጡ የጎደለ ቁልል ከጎንም ከላይም ሙሉ ይመስላል። ላዩ ወደ መሀል ሰመጥ ካለ ወይም ስትረግጠው ከላላብህ ጫኞቹ የላይኞቹን ጥቂት ኬሻዎች ያንሱልህና ተመልከት።

ለመመዘን ሦስቱን ኬሻ ሁሉንም ከላይ አታውርድ፣ ከጎንም ከወዲያ ጥግም ይሁን። ባዶ ኬሻ መዝነህ ቀንስ። ሚዛኑን ደግሞ ክብደቱ በታወቀ ነገር ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና መጨረሻ ላይ ፈትሸው። ማታ ላይ ብቻ ፈትሸህ ተዛብቶ ካገኘኸው 30ውም ኬሻ ይጣላል። ከምሳ በኋላ ደህና ከነበረ የተበላሸው የከሰዓቱ ብቻ ነው።

ጊዜውን እንቁጠረው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11፣ የምሳ አንድ ሰዓት ሲወጣ 480 ደቂቃ አለህ። የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ ለሚዛኑና ለመዝገቡ ስጥ፦ የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ጻፍ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ኬሻ እንኳ እንዳይገባ እንዳይወጣ ከአለቃህ ጋር ተስማማ። በር ላይ ጭነት እየወረደ ቆጠራ የለም፣ ይህን ካልፈቀዱልህ ፊት ለፊት ተናገር። የመጨረሻውን 45 ደቂቃ ለርክክብ አስቀምጥ። የቀረህ 405 ነው። አንዱ ቁልል 35 ደቂቃ ከፈጀ አሥሩ 350 ይሆናል፣ 55 ደቂቃ መተንፈሻ ይተርፍሃል። እስከ ምሳ ስድስት ቁልል መዘጋት አለበት ማለት ነው።

35 ግን የእኔ ግምት ነው። የአንተን የሚነግርህ የመጀመሪያው ቁልል ነው፣ ሰዓት እያየህ ሥራው። ምሳ ላይ አራት ብቻ ከዘጋህ እያንዳንዱ 52 ደቂቃ ገደማ እየፈጀ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ያለህ 195 ደቂቃ ነው። ሦስት ትዘጋለህ፣ በጠቅላላው ሰባት። ይህን ለአለቃህ ማታ 11 ሰዓት ላይ ሳይሆን ቀን 6 ሰዓት ላይ ንገረው። ያኔ ሁለት ሰው ሊጨምርልህ ወይም ሦስቱን ለነገ ሊያሳድር ይችላል። ለመፍጠን ብለህ መመዘኑን አትዝለል፣ ሁለተኛውን ቆጣሪም አታስቀር።

አለቆችም ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ስንት ደረሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ተጋምሷል» የሚል መልስ ነው የምታገኙት፣ እሱም ምንም አይነግራችሁም። «የትኞቹ ቁልሎች ተዘግተዋል?» በሉ፣ ከዚያ ከተዘጉት አንዱን ራሳችሁ መርጣችሁ ቆጣሪዎቹን ሳትጠሩ ቁጠሩት። ወረቀቱ ላይ ያለው ካልገጠማችሁ ያን ቁልል መልሳችሁ ክፈቱት።

የተዘጋ ቁልል ላይ ወረቀት አንጠልጥል፦ የቁልሉ ቁጥር፣ የንጣፍ ብዛትና ትርፉ፣ ድምሩ፣ የሦስቱ ኬሻ ክብደት፣ ከመዝገቡ ያለው ልዩነት፣ የሁለታችሁ ፊርማና ሰዓቱ። ልዩነት ከተገኘና ምክንያቱ በ10 ደቂቃ ካልታወቀ ልዩነቱን እንዳለ ጽፈህ እለፍ፣ በዚያች 55 ደቂቃ ትመለስበታለህ። በግማሽ ያለ ቁልል ካለህና 10 ሰዓት ከሩብ ከደረሰ ተወው፣ ወረቀት አታንጠልጥልበት። ነገ የሚገባው ሰው ከዜሮ ይጀምረዋል፣ ወረቀት የተንጠለጠለበትን ግን አይነካም።